ከላይ ካፊያ፣ ከታች ጭቃ፣ ከውስጥ ላብ

ዶፍ ሲወርድ የብስክሌተኛ ውሳኔ ቀላል ነው፤ በረንዳ ተጠግቶ እስኪያባራ ይጠብቃል ወይም ያን ቀን ታክሲ ይይዛል። የሚያስቸግረው ካፊያ ነው። በሐምሌና በነሐሴ አዲስ አበባ ላይ፣ ለመጠለል የማያበቃ ለመናቅም የማይመች ካፊያ የሚወርድባቸው ጠዋቶች ብዙ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመር ካወጣላቸው መንገዶች በአንዱ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው፣ እንዲህ ባለ ጠዋት ቢሮ ሲደርስ ጫማው ረጥቦ፣ ጀርባው በጭቃ ተዥጎርጉሮ፣ ሸሚዙም ገላው ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ጥፋቱን ሁሉ ሰማዩ ላይ ማላከክ ይቀናል። ይሁን እንጂ ጫማውን ያረጠበው በዋናነት የፊት ጎማ ነው፤ ጀርባውን ያቆሸሸው የኋላ ጎማ ነው፤ ሸሚዙን ያጣበቀው ደግሞ የራሱ ላብ ነው። ሦስቱም መላ አላቸው፤ መላቸው ግን አንድ ውድ ጃኬት መግዛት አይደለም።

ከጎማው እንጀምር። ጎማ ከአስፓልት ያነሳውን ውኃ እየዞረ ይወረውረዋል። የጎማው የኋላ ጠርዝ ምንጊዜም ወደ ላይ ስለሚሄድ ውኃውም ሽቅብ ይረጫል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ቀጥ ብሎ ሽቅብ የተረጨ ጠብታ ከተነሳበት ቦታ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሊወጣ ይችላል፤ ይኸውም ከወገብ በላይ ማለት ነው። ፍጥነቱ 20 ሲደርስ ከፍታው ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይጠጋል፤ ጭቃው ማጅራት ላይ የሚገኘውም ለዚህ ነው። ካፊያው ራሱ ካቆመ በኋላ እንኳ መንገዱ እስኪደርቅ ድረስ ይህ አይቀርም።

መፍትሔው ፓራፋንጎ ነው። ችግሩ በከተማው በብዛት የሚታዩት ማውንቴን ብስክሌቶች ወይ ጭራሽ ፓራፋንጎ የላቸውም፣ ወይ ከኮርቻው ሥር የተሰካች አጭር ፕላስቲክ ብቻ ነው ያላቸው። ያቺ ፕላስቲክ ሱሪን ከኋላ ታድን ይሆናል፤ ጫማን ግን አታድንም። ጫማና ካቴናን የሚያበላሸው ከፊት ጎማ የታችኛው ክፍል ወደ ኋላ የሚፈናጠረው ውኃ ነው። ስለዚህ የፊት ፓራፋንጎ ዋጋ የሚለካው ወደ ፊት በመርዘሙ ሳይሆን ከኋላ በኩል ወደ መሬት ዝቅ በማለቱ ነው። ጫፉ ከመሬት አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ቢል ጥሩ ነው። ያለው ፓራፋንጎ አጭር ከሆነ ከአሮጌ የሞተር ብስክሌት ካመራዳሪ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ቆርጦ፣ ሁለት ቀዳዳ በስቶ በብሎን ከጫፉ ጋር ማያያዝ ይበቃል። ለዚህ ቦታ ጎማ ከደረቅ ፕላስቲክ ይሻላል፤ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ጋር ሲነካካ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም።

ስፋቱም ይታሰብበት። ፓራፋንጎ ከጎማው ሰፋ ማለት አለበት፤ 42 ሚሊ ሜትር ለሆነ ጎማ ከ50 በላይ የሆነ ፓራፋንጎ ይስማማዋል፤ ጠባብ ከሆነ ውኃው በጎንና በጎን ያመልጣል። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ደግሞ ቢያንስ የአንድ ጣት ክፍተት ይተው። ሠፈሩ ገና አስፓልት ያልገባለት፣ ጥቁር ጭቃ ረግጦ ወደ ዋናው መንገድ የሚወጣ ሰው ከዚያም በላይ ሊያስፈልገው ይችላል፤ የሚያጣብቅ ጭቃ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ገብቶ ሲጠቀጠቅ ጎማውን እንደ ፍሬን ይይዘዋል። ምልክቱ ሳር ሳር የሚል ድምፅ ነው። ያኔ ወርዶ በእንጨት መጫር ይሻላል እንጂ ፔዳሉን በጉልበት መርገጥ አያዋጣም። ብሎኖቹን በየሳምንቱ ማጥበቅም አይረሳ፤ ላልቶ ወደ ጎማው የገባ የፊት ፓራፋንጎ ቸርኬውን በድንገት አቁሞ ነጂውን በመሪው ላይ አሳልፎ ሊጥለው ይችላል።

አሁን ወደ ላቡ፤ ከሁሉም የሚያስቸግረውና በጣም የሚዘነጋው ይህ ነው። ብስክሌት ሲነዳ ሰውነት ከሚያቃጥለው ኃይል ውስጥ ፔዳሉን የሚያዞረው ከአራት እጅ አንዱ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። የቀረው ሙቀት ይሆናል። ከብስክሌቱ ጋር 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ አምስት ኪሎ ሜትር በሆነ መንገድ ላይ በድምሩ 100 ሜትር ሽቅብ ወጥቶ በ25 ደቂቃ ሥራ ቦታው ይደርሳል እንበል፤ ይህ ከቦሌ በኩል ተነስቶ ወደ አራት ኪሎ ለሚወጣ ሰው እንግዳ ያልሆነ ዳገት ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች የሚያመነጨው ትርፍ ሙቀት በላብ ብቻ ይውጣ ቢባል 200 ግራም ያህል ላብ መትነን አለበት፤ አንድ የውኃ ብርጭቆ ማለት ነው። ጃኬቱ እስከ አንገት ከተቆለፈ ያ ብርጭቆ ውኃ የትም አይሄድም፤ ሸሚዝ ላይ ይቀራል። ካፊያውን ለመከላከል የተለበሰው ጃኬት ካፊያው ራሱ ሊያደርስ የሚችለውን ያህል ውኃ ከውስጥ ያጠራቅማል።

«ትነት የሚያሳልፍ» ተብሎ የሚሸጠው ጃኬትስ? ሥራው እውነተኛ ነው። አሜሪካዊው ቦብ ጎር እ.ኤ.አ. በ1969 ያገኘው የተለጠጠ ስስ ሽፋን የውኃ ጠብታ የማይገባባቸው፣ የውኃ ትነት ግን የሚያልፍባቸው እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ነገር ግን ትነት በራሱ አይገፋም፤ ከውስጥ ብዙ፣ ከውጭ ጥቂት ሲሆን ነው የሚወጣው። በካፊያ ጠዋት የውጩ አየር ራሱ እርጥበት የጠገበ ስለሆነ ትነቱ የሚወጣው በዝግታ ነው። በዚያ ላይ የጃኬቱ ጨርቅ በብርዱ ይቀዘቅዝና ከገላ የተነሳው ትነት እንደ ድስት ክዳን ውስጡ ላይ ጠብታ ይሠራል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ጃኬቱ ዝናብ ያስገባ ይመስለዋል። ለመለየት ስፌቱን መዳሰስ ነው፤ ውኃው በስፌቱ መሥመር ብቻ ከሆነ ያስገባል፤ ጀርባውና ክንዱ ላይ እኩል ከተበተነ ግን ላብ ነው።

ስለዚህ ዋናው ነገር ጨርቁ ሳይሆን አየር ነው። ከቤት ሲወጣ ትንሽ ብርድ ብርድ ማለት አለበት፤ በር ላይ የሞቀው ሰው ዳገቱ ላይ መታጠቡ አይቀርም። ዚፑ የሚከፈተው ላብ ሲጀምር ሳይሆን ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ በደረት፣ ካለም በብብት በኩል። ዳገቱ ረዘም ካለና ካፊያው ቀጠን ካለ ጃኬቱን አውልቆ በቀጭን ሹራብ መውጣት፣ ቁልቁለቱ ሲመጣ መልሶ መልበስ ይሻላል። ከሥር የጥጥ ካናቴራ አይመከርም፤ ጥጥ ውኃውን ጠጥቶ ይይዘውና ፍጥነት ሲጨምር ነፋሱ ገላ ላይ ያቀዘቅዘዋል። ስስ የሱፍ ሹራብ ወይም የስፖርት ማሊያ ቶሎ ይደርቃል። በጀርባ የሚታዘለው ቦርሳ ደግሞ ከጃኬቱ በላይ ላብ ያስወጣል፤ አየር ፈጽሞ አያስገባምና። ዕቃውን በኋላ መጫኛው ላይ በላስቲክ ማሰር በአንድ ጊዜ ጀርባን ነጻ ያወጣል። በዝግታ ለሚነዳ ሰው ከታች ክፍት የሆነ ሰፊ የዝናብ ካባም ጥሩ ነው፤ ነፋስ ባለበት ግን እንደ ሸራ ይነፋል።

ከሰልባጅ የዝናብ ጃኬት የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይይ። ገልብጦ ስፌቱን ውስጥ ለውስጥ የሸፈነው ጥብጣብ መላጡን፣ ሽፋኑም እንደ ፎረፎር መርገፍ መጀመሩን ይመልከት፤ እንዲህ ያለው አይጠገንም። ከዚያ ጥቂት ውኃ በውጩ ላይ ጠብ ያድርግ። ጠብታው ተንከባሎ ከወረደ ደህና ነው። ጨርቁ ጠጥቶ ከጠቆረ ውኃ ባይገባም ትነት አይወጣም፤ ይህኛው ግን ብዙ ጊዜ በደንብ ታጥቦና ታለቅልቆ፣ ምልክቱ ከፈቀደ ለብ ባለ ካውያ ሲተኮስ ይሻሻላል። ልብስ ማለስለሻ ፈሳሽ ግን ያበላሸዋል።

የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ልዩ ናቸው። ብስክሌት ሲቆም ነፋሱ አብሮ ይቆማል፤ ሰውነት ግን እንደሞቀ ነው። ላብ ቦግ የሚለው ያኔ ነው። ከመድረስ በፊት ማርሹን አቅልሎ በዝግታ መግባት፣ እንደ ደረሱም ጃኬቱን አውልቆ በረንዳ ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። ላብ ሳይቆም ደረቅ ሸሚዝ የቀየረ ሰው ሁለተኛ ሸሚዝ አረጠበ ማለት ነው።

የቀረው መታየት ነው። በካፊያ ሰዓት የመኪናው መስተዋት ራሱ ጠብታ ይዟል፤ የፊት መብራቶች በእርጥቡ አስፓልት ላይ ይንቦገቦጋሉ፤ ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰው በግራጫ መንገድ ላይ ይጠፋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። ደማቁ ቢጫ ወይም ብርቱካን ቀለም የሚሠራው በቀን ብርሃን፣ በተለይም በደመናና በንጋት ነው፤ ሌሊት ያን ያህል አይረዳም። ብርማው አንጸባራቂ ጥብጣብ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብርሃኑን ወደመጣበት፣ ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመልሳል፤ መብራት ከሌለ ግን ተራ ግራጫ ጨርቅ ነው። ጎሕ ሳይቀድ የሚወጣ ወይም ሲመሽ የሚመለስ ሰው ሁለቱንም ይፈልጋል።

ጥብጣቡ የት ይሁን የሚለውም ጉዳይ አለው። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ሾፌሮች ሌሊት በዝግ መንገድ ላይ ብስክሌተኛን ለይተው እንዲያውቁ ተፈትነው ነበር። ጥቁር የለበሰውን የለዩት 2 በመቶ ሲሆኑ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰውን 50 በመቶ፣ ከሰደርያው በተጨማሪ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጥብጣብ ያሰረውን ደግሞ 90 በመቶ ለይተውታል። እግር ፔዳል ሲረግጥ ጥብጣቡ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ዓይን ያ እንቅስቃሴ የሰው መሆኑን ቶሎ ይረዳል። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረው ጥብጣብ የሱሪውን ጫፍም ከካቴናው ይጠብቃል።

በካፊያ ግን አንድ እክል አለ። የብዙ አንጸባራቂ ጨርቆች ብርሃን የሚመለሰው ከላያቸው በተበተኑ ጥቃቅን የመስተዋት ቅንጣቶች ነው፤ ውኃ ሲሸፍናቸው ኃይላቸው ይቀንሳል፤ ጭቃ ከሸፈናቸው ደግሞ ጭራሽ አይሠሩም። ፓራፋንጎ በሌለው ብስክሌት ላይ የመጀመሪያው ጭቃ የሚያርፈውም በቁርጭምጭሚቱ ጥብጣብና በኋላ መብራቱ ላይ ነው። ስለዚህ ከቤት ሲወጡም ከቢሮ ሲመለሱም መብራቱንና ጥብጣቡን በጨርቅ ጠረግ ማድረግ፣ ቀይ የኋላ መብራትንም በቀን ጭምር ማብራት ያስፈልጋል። ሰደርያው ሲታጠብ በእጅና በለስላሳ ሳሙና ይሁን፤ በብሩሽ ከተፈተገ ቅንጣቶቹ ይረግፋሉ። ማታ በጨለማ ክፍል የእጅ ባትሪን ዓይን አጠገብ ይዞ ሰደርያው ላይ ማብራት ነው፤ ጥብጣቡ ደማቅ ነጭ ሆኖ ካልበራ ሌላ መግዣው ደርሷል።