ባለቤቷ ሳትኖርም የሚጋገር ዳቦ

በአንድ ሰው ጥረት የተቋቋመ ድርጅት እያደገ ሲሄድ ማነቆው ብዙ ጊዜ ራሱ መሥራቹ ይሆናል። ሲጀመር ዕቃ የሚገዛው፣ ሒሳብ የሚይዘው፣ ደንበኛ የሚያነጋግረው፣ የመጋዘን ቁልፍ የሚይዘው እሱ ነበር። ሠራተኛ ሲጨመር የጉልበቱ ሥራ ለሌሎች ይከፋፈላል፤ ውሳኔው ግን እሱ ጋ ይቀራል። እስራኤላዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤልያሁ ጎልድራት እ.ኤ.አ. በ1984 ከጄፍ ኮክስ ጋር ባሳተመው «ዘ ጎል» በተባለው ልብ ወለድ እንዳስረዳው፣ ማነቆ በሆነው ቦታ የባከነ አንድ ሰዓት ለመላው ፋብሪካ የባከነ ሰዓት ነው። ጎልድራት የጻፈው ስለ ማሽን ነበር፤ ነገሩ ግን ለሰውም ይሠራል። ባለቤቱ ስልክ እስኪያነሳ ድረስ አምስት ሠራተኞች ቆመው ከጠበቁ የባከነው የአምስቱም ጊዜ ነው።

ነገሩን በቅርብ ለማየት በአዲስ አበባ ውስጥ በቀን አምስት ኩንታል ዱቄት የሚጋግር መካከለኛ ዳቦ ቤት ለምሳሌ ይሁን። ባለቤቷ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ እርሾና ጨው ራሷ ትለካለች። ዱቄት የጫነ መኪና ሲመጣ የምትረከበው እሷ ናት። ለካፌዎችና ለሱቆች በዱቤ የሚሰጠውን ዳቦ የምትፈቅደው እሷ፣ ማታ ሒሳብ የምትዘጋውም እሷ ናት። ቀን ለጉዳይ ስትወጣ ስልኳ አያርፍም። «እትዬ፣ ዱቄት አምጥተዋል፣ ልረከብ?» «እትዬ፣ ሰውየው ዛሬም በዱቤ ልውሰድ ይላል፣ ምን ልበለው?» ከሁሉም የሚበዛው ደግሞ የገንዘብ ተቀባይዋ ጥያቄ ነው፤ «እትዬ፣ ገባ?» ደንበኞች በሞባይል የሚልኩት ክፍያ በባለቤቷ ስልክ ቁጥር ስለሚገባ፣ የማረጋገጫው መልእክትም የሚደርሰው ለእሷ ብቻ ነው። እሷ ስብሰባ ላይ ከሆነች መስኮቱ ላይ ሰልፉ ይቆማል።

እንዲህ ያለች ባለቤት ሥራውን ለሌላ የማትሰጠው ሠራተኞቿን ስለምትንቅ ላይሆን ይችላል። በዓይኗ ካላየች በቀር ሥራው በትክክል መሠራቱን የምታውቅበት ሌላ መንገድ የላትም። ስለዚህ ሥራ ማካፈል ከሰው ምርጫ በፊት የሚጀምረው ዓይንን የሚተካ ቁጥር ከማግኘት ነው። ቁጥሩ ሳይኖር «ከዛሬ ጀምሮ አንተ ኃላፊ ነህ» ማለት ሁለት ነገር ያመጣል፤ ባለቤቷ በሥጋት ተመልሳ ትገባለች፣ ወይም ጉድለቱን የምታውቀው ከብዙ ወር በኋላ ይሆናል።

መነሻው የአንድ ሳምንት መዝገብ ነው። ባለቤቷ በደብተር ላይ የቀረበላትን ጥያቄ ሁሉ ትጽፋለች፤ ማን እንደጠየቀ፣ ምን ብላ እንደመለሰች፣ መልሱ እስኪደርስ ምን ሥራ እንደቆመ። በሳምንቱ መጨረሻ መልሶቹን ስትመለከት አብዛኞቹ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ታያለች። መልሱ የማይለዋወጥ ጥያቄ ውሳኔ አይደለም፤ ያልተጻፈ ደንብ ነው። አንዳንዱ ጥያቄ የሚቀርበው መረጃው በእሷ እጅ ብቻ ስላለ ነው፤ የዱቄት አቅራቢው ስልክ፣ የሊጡ መጠን፣ የክፍያው መልእክት። የቀረው ገንዘብ ወይም አደጋ ያለበት ነው፤ ይህ ልክ ይፈልጋል። ባንክ መበደር፣ የቤት ኪራይ ውል መፈራረም፣ ዋናውን ጋጋሪ መቅጠር ከእሷ ጋር ይቆያሉ፤ እነዚህ ግን በየቀኑ የሚመጡ አይደሉም።

በዳቦ ቤት መጀመሪያ መውጣት ያለበት ሥራ ሊጡ ነው፤ ባለቤቷን ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳት እሱ ነውና። ብዙ ቤት የሊጡ መጠን በእጅ ልማድ ይያዛል፤ «እፍኝ ጨው፣ ውሃው እስኪበቃ» እየተባለ። ይህ ሊተላለፍ አይችልም። ዱቄቱን መቶ አድርጎ ሌላውን ሁሉ በሚዛን መጻፍ ያስፈልጋል። ለአንድ ኩንታል ዱቄት 58 ሊትር ውሃ፣ 1 ኪሎ ደረቅ እርሾ፣ 1 ኪሎ ተኩል ጨው፣ 2 ኪሎ ስኳርና 1 ኪሎ ዘይት ቢገባ 163 ኪሎ ተኩል ሊጥ ይሆናል። ከማቡኪያው ጋር ተጣብቆና ሲቦካ የሚቀንሰው ሲነሳ 160 ኪሎ ያህል ይቀራል። ዱቄቱ ሲቀየር የሚፈልገው ውሃ ስለሚለያይ አዲስ ዱቄት በገባ ቁጥር በትንሹ ሞክሮ የውሃውን መጠን ማስተካከል የአቡኪው ሥልጣን መሆኑ አብሮ ይጻፋል።

የባለቤቷን ዓይን የሚተካው ቁጥር ከዚህ ይወጣል። ዳቦው ተጋግሮ 100 ግራም እንዲመዝን ሊጡ በ115 ግራም ይቆረጣል፤ ቀሪው በምድጃ ውስጥ በእንፋሎት የሚሄድ ነው። 160 ኪሎ ለ115 ግራም ሲካፈል 1,390 ያህል ዳቦ ይሰጣል። ቆራጩ ሳያስበው በ120 ግራም ቢቆርጥ ግን የሚገኘው 1,333 ብቻ ነው። አምስት ግራም በእጅ አይታወቅም፤ በኩንታል 57 ዳቦ፣ በአምስት ኩንታል 285 ዳቦ ሲጎድል ግን ይታወቃል። ቁጥሩ ከ1,400 እጅግ ከበለጠ ደግሞ ሊጡ ቀልሎ እየተቆረጠ ነው፤ የተጎዳው ደንበኛው ነው። ባለቤቷ ቤቷ ተኝታ አድራ ጧት የፈረቃውን ወረቀት ብቻ በማየት ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ ታውቃለች ማለት ነው። እሷ ቆማ ብታድር እንኳ አምስቱን ግራም በዓይኗ አታያትም ነበር።

ሥራውን የሚረከበው ሰው በአንድ ቀን አይለቀቅም። ለጥቂት ሌሊቶች እሷ ስትለካ ያያል፣ ቀጥሎ እሱ ሲለካ እሷ ታያለች፣ ከዚያ ብቻውን ሠርቶ ቁጥሩን ጧት ያሳያል። በዚህ ጊዜ ዘመድን ማስቀደም የተለመደ ነው። ዘመድ ቢታመንም ሚዛን ማንበብ የሚሰለቸው ከሆነ ለሊጥ አይሆንም፤ የሌሊቱን ሥራ ለዓመታት የያዘው አቡኪ ደግሞ የእህት ልጅ ታዞበት ሲያድር ይቀየማል፣ ይሄዳልም። ሥልጣኑ ለማን እንደተሰጠ ሁሉም ሠራተኛ ባለበት ካልተነገረም የተሾመው ሰው ስሙ እንጂ ትእዛዙ አይከበርም።

ገንዘብ ሲነካ ጥንቃቄው በሌላ መልክ ይመጣል። ለትናንሽ ወጪዎች፣ ለምሳሌ ለማገዶ፣ ለከረጢት፣ ለጥገና፣ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ ቢሮዎች ፔቲ ካሽ የሚሉት ነው። 5,000 ብር ከተሰጠ በእጅ ያለው ገንዘብና የደረሰኞቹ ድምር በማንኛውም ሰዓት 5,000 መምጣት አለበት። ሲያልቅ ደረሰኞቹ ተረክበው በልካቸው ብቻ ይተካል። ዱቄት ሲገዛ ደግሞ የሚያዝዘው፣ መዝኖ የሚረከበውና የሚከፍለው አንድ ሰው መሆን የለበትም። ሠራተኛ በቁጥር ጥቂት ቢሆንም ቢያንስ መረከቡና መክፈሉ መለየት ይኖርበታል። ይህ አለመተማመን አይደለም፤ ጉድለት ሲመጣ ንጹሑ ሰው የሚድንበት መንገድ ይኸው ነው።

ማታ የሚዘጋው ሒሳብም በዚሁ መንገድ ይተላለፋል። ከምድጃ የወጣው 6,930 ዳቦ ነው እንበል። ለካፌና ለሱቅ በፊርማ የወጣው 4,200፣ ያደረው 150፣ የተቃጠለና የተሰበረው 30 ከሆነ በመስኮት የተሸጠው 2,550 ነው። አንዱ በ10 ብር ቢሸጥ ጥሬ ገንዘቡና የሞባይል ክፍያው ተደምረው 25,500 ብር ሊመጡ ይገባል። የ«ገባ?» ጥያቄ የሚፈታው ደግሞ ክፍያው በድርጅቱ የነጋዴ ሒሳብ እንዲገባና ማረጋገጫው መስኮቱ ላይ በሚቀመጥ ስልክ እንዲደርስ በማድረግ ነው። በዚያ ስልክ ገንዘብ ማየት እንጂ ማውጣት እንዳይቻል የይለፍ ቁጥሩ ከባለቤቷ ጋር ይቀራል። በዱቤ ለሚወስዱ ደንበኞች እያንዳንዱ ጣሪያ ይጻፍለታል፤ ያለፈው ሳይከፈል ከጣሪያው በላይ አይሰጥም። ገንዘብ ተቀባይዋ ያንን ለማለት የማንንም ፈቃድ አትጠይቅም።

ከድርጅቱ ውጭ ለሚደረግ ነገር ግን የቃል ሥልጣን አይበቃም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውክልና በአንቀጽ 2199 ጀምሮ ይደነግጋል። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ያገለግላል፤ ዕዳ መሰብሰብና ለሽያጭ የተዘጋጀ ዕቃ መሸጥ በዚሁ ውስጥ ይገባሉ። የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ወይም ማስያዝ፣ መታረቅ፣ በፍርድ ቤት መክሰስ ግን በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሥራ አስኪያጅ የሚወክል ባለቤት ለዕለት ሥራ የሚያስፈልገውን ሰጥቶ ሌላውን በእጁ ማቆየት ይችላል።

ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶም የሚፈርስበት የታወቀ ቦታ አለ። ሠራተኛው የፈረቃ ኃላፊውን ዘልሎ ወደ ባለቤቷ ይደውላል፤ እሷም ከልማድ ትመልሳለች። ሁለቴ ሦስቴ ከተደገመ ኃላፊው ዋጋ እንደሌለው ሁሉም ያውቃል። መልሱ «እሱን ጠይቀው» መሆን አለበት፤ የኃላፊው ውሳኔ ትንሽ ቢያስከፍልም በሰው ፊት መሻር የለበትም፣ እርማቱ ኋላ ለብቻ ይነገረዋል። ተቃራኒው ጥፋትም አለ፤ ባለቤቷ ስልኩ ጸጥ ሲል ወረቀቶቹን ማየት ትተዋለች። ያልታየ ወረቀት በሁለት ሳምንት ውስጥ በግምት መሞላት ይጀምራል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ የየሌሊቱ ቁጥር ሳይዛነፍ 1,390 እየሆነ ይመጣል። እውነተኛ ቆጠራ ከቀን ቀን በጥቂቱ ይለያያል። ስለዚህ በሳምንት አንዴ ሳይነገር ሃያ ዳቦ መዝኖ፣ የአንዱን ፈረቃ ምርት ራስ ቆጥሮ ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት የባለቤቷ የማይተላለፍ ሥራ ነው።

የሥራ ማካፈሉ ልክ የሚፈተነው በመቅረት ነው። ባለቤቷ በመጀመሪያ አንድ ሌሊት፣ ቀጥሎ ሁለት ሙሉ ቀን ስልክ ሳትመልስ ትቀራለች። ይህ በጾም መፍቻ ወይም በበዓል ዋዜማ፣ ትእዛዝ በሚበዛበት ጊዜ መሞከር የለበትም፤ ተራ የሥራ ቀን ይመረጣል። ስትመለስ የቆመ ሥራ ካገኘች ሠራተኞቹን ከመውቀሷ በፊት ያ ሥራ መጠን፣ ልክና ባለቤት ተጽፎለት እንደነበር ትመልከት፤ ካልተጻፈለት ቀጥሎ መተላለፍ ያለበት እሱ ነው።