እሁድ ከሰዓት፣ አንድ ቤት፣ ስምንት ቤተሰብ

«እሁድ በሰባት ሰዓት ኑና ቤቱን እዩት» የሚል የስልክ መልእክት ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እንደ አንባቢው ይለያያል። አሜሪካ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ምሽት ላይ ይመጣል። ገና የመጣው ደግሞ ምሳውን እንደበላ በር ላይ ይቆማል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ስለዚህ ጠንቃቃ ኤጀንት ሰዓቱን «በአሜሪካ አንድ ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ» ብሎ ያብራራል፤ በዋዜማውም ደውሎ ያረጋግጣል።

በዋሽንግተን ዙሪያ አንድ ቤት ብዙውን ጊዜ ሐሙስ ወይም ዓርብ ገበያ ላይ ይውላል፤ ቅዳሜና እሁድ ይታያል፤ የዋጋ ማቅረቢያዎችም በሳምንቱ መጀመሪያ ይሰበሰባሉ። ባለቤቱ ከነልጆቹ ከቤት ወጥቶ የሚጠብቀው በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ነው፤ ከሰዓት በኋላውም በሰው ይጨናነቃል።

ለምሳሌ ያህል ሦስት መኝታ ክፍልና ቤዝመንት ያለው ታውንሃውስ እንውሰድ። ኤጀንቷ በአሜሪካ ሰዓት ከ1:00 እስከ 4:00 ታሳያለች። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 20 ደቂቃ ብትሰጥ ዘጠኝ ቀጠሮ ይገባል፤ እሷ ግን የምትይዘው ስምንት ብቻ ነው። ከ2:20 እስከ 2:40 ያለውን ሆን ብላ ባዶ ትተወዋለች። የ1:40 ተቀጣሪዎች መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሲዞሩ 15 ደቂቃ ዘገዩ እንበል። የሚወጡት በ2:15 ነው። የ2:00 ቤተሰብ ያኔ ገብቶ በ2:35 ይጨርሳል፤ የ2:40ዎቹ ደግሞ ምንም ሳይታወቃቸው በሰዓታቸው ይገባሉ። ያ ባዶ ክፍተት ባይኖር ኖሮ የአንድ ሰው መዘግየት እስከ መጨረሻው ቤተሰብ ድረስ ይንከባለል ነበር።

ቅደም ተከተሉም በዘፈቀደ አይደለም። ቤቱን ለሁለተኛ ጊዜ ሊያዩ የሚመጡት፣ በተለይም ሽማግሌ ወይም ኮንትራክተር ይዘው የሚመጡት፣ መጨረሻ ላይ ቢሆኑ ይሻላል፤ ከኋላቸው የሚጠብቅ ስለሌለ ሜትር አውጥተው ሊለኩ ይችላሉ። አንዳንድ ሻጮች «ሰው ሰውን ሲያይ ይቸኩላል» ብለው ሁለት ቤተሰብ አብሮ እንዲገባ ይፈልጋሉ። ሊሠራ ይችላል፤ ዋጋው ግን ሰዎቹ እርስ በርስ ስለሚጠባበቁ ምንም አለመናገራቸው ነው። ኤጀንቷ ደግሞ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የደከመችው ሰዎቹ የሚያስቡትን ለመስማት ነው።

በሩ ላይ የመመዝገቢያ ወረቀት አለ። አንድ ረጅም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሁሉም በተራ እንዲሞላ ማድረግ ቀላል ይመስላል። ሦስተኛው ገቢ ግን የሁለተኛውን ስልክ ያነባል፤ ይሄን ያስተዋለው አራተኛው የውሸት ቁጥር ይጽፋል። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ትንሽ ካርድ ይበቃል፦ ስም፣ ስልክ፣ የገቡበት ሰዓት፣ እና «ከኤጀንት ጋር እየሠሩ ነው?» የሚል ጥያቄ። ኤጀንቷ ቁጥሩን እዚያው ጮክ ብላ ብታነብ 1 እና 7 የተምታቱበት የእጅ ጽሑፍ ሰኞ ጠዋት ራስ ምታት አይሆንባትም።

የኤጀንቱ ጥያቄ እንዲያው ለወግ የተጻፈ አይደለም። በብሔራዊው የሪልተሮች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ አንድ ሪልተር ከሌላ ኤጀንት ጋር ብቸኛ ውል ያሰረን ደንበኛ ለማባበል መሞከር የለበትም። ከነሐሴ 2024 ወዲህ ደግሞ ከገዢ ጋር የሚሠራ ኤጀንት ቤት ከማሳየቱ በፊት የጽሑፍ ስምምነት እንዲፈራረም የሚያስገድድ ደንብ መጥቷል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ኦፕን ሃውስ አይቶ ዝም ብሎ የገባ ጎብኚ ቤቱን ከምታሳየው ኤጀንት ጋር ያን ስምምነት እንዲፈርም ደንቡ አያስገድድም። ስምና ስልክ የሚጠይቅ ካርድ አንድ ነገር ነው፤ ኮሚሽንና የውል ጊዜ የተጻፈበት ወረቀት ግን ሌላ ነገር ነው። እስክሪብቶ ከማንሳት በፊት የትኛው እንደሆነ ማየት ይገባል።

ካርዱ ላይ የማይጠየቅም አለ። ከ1968 ጀምሮ የፌዴራሉ ፌር ሃውሲንግ ሕግ በዘር፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ማድላትን ይከለክላል፤ በኋላም ጾታ፣ የአካል ጉዳትና የቤተሰብ ሁኔታ ተጨምረዋል። ኤጀንቷ አንዱን አስመዝግባ ሌላውን ያለ ምዝገባ ብታስገባ፣ ወይም ከካርዱ ጀርባ «ሐበሾች፣ አራት ልጅ አላቸው» ብላ ብትጽፍ፣ ለማስታወስ ብላ ያደረገችው ነገር በኋላ ማስረጃ ሊሆንባት ይችላል። «መለኪያ ይዘው የመጡት» ብላ ብትጽፍ ይበቃታል።

ከሁሉም የሚከብደው አስተያየት መሰብሰብ ነው። ሐበሻ ቤት ሲጎበኝ ይሉኝታው አብሮት ይገባል፤ «ወደዳችሁት?» ሲባል «በጣም ቆንጆ ነው፣ እግዚአብሔር ይባርከው» ብሎ ይወጣል። የገዢ ኤጀንትም ዝም የሚለው በምክንያት ነው፤ «ደንበኞቼ አብደውለታል» ቢል የደንበኞቹን የመደራደር አቅም አሳልፎ ይሰጣል። ስለዚህ ጥያቄው ራሱ መቀየር አለበት። «በዚህ ሳምንት ሌላ የትኛውን ቤት አያችሁ? ያኛው በምን ይሻላል?» ቢባሉ ሰዎች ይናገራሉ፤ ሲያወዳድሩ የባለቤቱን ስሜት የጎዱ አይመስላቸውም። ጥያቄው ደግሞ በዚያው ምሽት መላክ አለበት፤ አምስት ቤት ያየ ሰው በማግስቱ የማንን ኩሽና እንዳደነቀ አያስታውስም።

ከስምንቱ ስድስቱ መለሱ እንበል። አራቱ፣ ሳይነጋገሩ፣ ቤዝመንቱ ሽታ እንዳለው ጠቀሱ። ሁለቱ መንገዱ ጫጫታ ነው አሉ። አንዱ ብቻ ስለ ዋጋ አነሳ። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያስበው ዋጋ መቀነስ ነው፤ ካርዶቹ የሚሉት ግን ሌላ ነው። መንገዱን ማንም አያነሳውም። ሽታው ግን ምክንያት አለው፤ ብዙ ጊዜ የጣሪያው አሸንዳ ውኃውን ከግድግዳው ሥር ሲያፈስ ነው የሚመጣው። ያን ማስተካከልና እርጥበት መምጠጫ ማሽን ማስገባት ዋጋ ከመቀነስ በፊት የሚሞከር ነገር ነው።

አንዳንድ ባለቤት እንግዳ ከመድረሱ በፊት ዕጣን ያጨሳል፣ ቡና ይቆላል። ለእንግዳ ክብር ነው፤ ገዢው ግን «ምን ሊደብቁ ነው?» ብሎ ይጠረጥራል። ሜሪላንድ ውስጥ ሻጭ ስለ ቤቱ ሁኔታ ዝርዝር ላለመስጠት መምረጥ ቢችልም፣ የሚያውቀውን ለጤና ወይም ለደኅንነት የሚያሰጋ ስውር ጉድለት ከመግለጽ አያመልጥም። አስተያየቱን በድብቅ ለመስማት ካሜራ ክፍት አድርጎ የሚሄድም አለ። በሜሪላንድ ሕግ ንግግርን መቅዳት የሁሉንም ተናጋሪዎች ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቤቱ የራስ መሆኑ አያድንም። የቨርጂኒያው ሕግ ይለያል፤ እዚያ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል፤ ባለቤቱ ግን በንግግሩ ውስጥ የለበትም።

እሁድ ማታ ኤጀንቷ ለባለቤቱ የምትልከው አንድ ገጽ ነው፦ ስንት ሰው መጣ፣ ምን ተደጋገመ፣ ማን እንደገና ማየት ፈለገ። ከዚህ ውስጥ የመጨረሻው መስመር ከምስጋናው ሁሉ ይበልጣል። የ3:20ዎቹ ባልና ሚስት ለጥያቄው «ደህና ነው» ብለው ብቻ መልሰዋል። ከካርዳቸው ጀርባ ግን ኤጀንቷ የጻፈችው አለ፦ የልብስ ማጠቢያው ቦታ ስንት ኢንች እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠይቀዋል። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የምትደውለው ለእነሱ ነው።