ሽቶው ሲደርቅ ምን ይሸታል?

ስለ ሽቶ የሚጻፉ አስተያየቶችን ሳነብ አንድ ዐረፍተ ነገር አይጠፋም፦ «ደስ የሚል፣ ማራኪ፣ ለየት ያለ ጠረን አለው።» ይህን ያነበበ ሰው ስለ ሽቶው ያወቀው ነገር የለም። ጸሐፊው ቃል ያጠረው ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ያጠረው ጊዜ ነው እላለሁ። አንዴ አሽትቶ ጻፈ። ጠዋት የተረጨ ሽቶ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው።

በጠርሙሱ ውስጥ ያሉት ነገሮች እኩል አይተኑም። ከሎሚና ከብርቱካን ወገን የሆኑት በደቂቃዎች ውስጥ ይበናሉ። አበቦቹ ለሰዓታት ይቆያሉ። ሙጫ፣ ቫኒላና እንጨት ልብስ ላይ ያድራሉ። ስለዚህ ሽቶ መክፈቻ፣ ልብና መድረቂያ አለው ይባላል። አቦል፣ ቶናና በረካ ብትሉትም አልቃወምም፤ ብቻ ቡና ወደ በረካ ሲሄድ ይቀጥናል፣ ሽቶ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ መጨረሻው ይወፍራል።

ሻሊማርን ልውሰድ። ፈረንሳዊው ሽቶ ቀማሚ ዣክ ገርላን በ1925 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ሲሆን ዛሬም ይሸጣል። የሞከርኩት «ኦ ደ ፓርፉም» የተባለውን ነው። ይህ መጻፍ አለበት፤ «ኦ ደ ቷሌት» የሚለው ጠርሙስ ስሙ አንድ ቢሆንም ሽታው ልክ አንድ አይደለም።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቅባት ያልነካው ክንዴ ላይ አንድ ጊዜ ረጨሁ። የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ የአልኮል ነው፤ በእሱ ተነሥቶ «ይሰነፍጣል» ብሎ መፍረድ ሽቶውን መበደል ነው። አልኮሉ ሲበን ቤርጋሞት መጣ። ቤርጋሞት ብዬ ብተወው ግን ለማን ጻፍኩ? ኧርል ግሬይ የሚባለውን ሻይ የጠጣ ያውቀዋል፤ ላልጠጣው «የሎሚ ልጣጭ በጥፍር ሲጫር፣ ትንሽ ምሬት ያለበት» ብዬ ጻፍኩ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይኼ ልጣጭ ሳስቶ ከሥሩ ጭስ ጭስ የሚል ነገር ብቅ አለ።

ውሸት የሚጀምረው ልቡ ላይ ነው። የሽቶው መግለጫ ጃዝሚን፣ ጽጌረዳና አይሪስ ይላል፤ ይህን ያነበበ ሰው ሦስቱንም ያሸተተ ይመስለዋል። እኔ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ክንዴን ሳሸት ጃዝሚኑን ከጽጌረዳው መለየት አልቻልኩም። ማስታወሻዬ ላይ የሰፈረው «አበባ አለ፣ የትኛው እንደሆነ አልለየሁም፤ እንደ ሕፃን ፓውደር ደረቅ ነው» የሚል ነው። ግምገማው ውስጥም እንዲሁ ይገባል። አንባቢ ከመግለጫው የተገለበጠ የአበባ ዝርዝር ከሚሰጠው ፓውደሩን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ስምንት ሰዓት ላይ ሽቶው የጠፋ መሰለኝ። «አምስት ሰዓት ብቻ ቆየ» ብዬ ልጽፍ ስል እኅቴ ከውጭ ገብታ ገና በሩ ላይ ሳለች «ምን ተቀብተሽ ነው?» አለችኝ። የጠፋው ሽቶው ሳይሆን የእኔ አፍንጫ ነበር። አፍንጫ አብሮት የዋለውን ሽታ መስማት ያቆማል። ስለ ቆይታው ከመፍረድ በፊት ወጣ ብሎ አየር መቀበል፣ ካልሆነም ሌላ ሰው መጠየቅ ይሻላል።

ከዚያ መድረቂያው ነው፤ ሻሊማር የሚታወቀውም በእሱ ነው። ቫኒላ አለበት፣ ግን የኬክ ቫኒላ አይደለም፤ ጭስ ያለፈበት ቤት የተሰቀለ የቆዳ ጃኬት ገበሩ ላይ ቫኒላ የፈሰሰበት ይመስላል። ከሥሩ እንስሳ እንስሳ የሚል ሙቀት አለ። እዚህ ላይ «ዝባድ ሸተተኝ» ለማለት ቃጣኝ። ዝባድ ከእኛ አገር ጥርኝ ተወስዶ በከብት ቀንድ ታሽጎ ለሽቶ ቀማሚዎች ሲላክ የኖረ ነገር ነው፤ ለቀድሞው ሻሊማርም ገብቷል። ዛሬ ግን ሽቶ ቤቶች በአብዛኛው በቤተ ሙከራ የተሠራውን ምትክ ይጠቀማሉ፤ በአፍንጫዬ ብቻ ይህኛው ጠርሙስ የቱ እንዳለበት አላውቅም። ስለዚህ የጻፍኩት የሸተተኝን እንጂ የገባበትን አይደለም።

ሲጠቃለል ግምገማዬ ይህ ሆነ፦ ሎሚው ለሃያ ደቂቃ ነው፤ ገንዘብ የሚወጣበት ቫኒላውና ጭሱ ናቸው። ሱቅ ውስጥ በመክፈቻው ተማርኮ የሚከፍል ሰው ቤቱ ሌላ ሽቶ ይዞ ይገባል። ጭስ ለማይወድ አልመክርም።