የጌም ስክሪንሾት መስኮቱን የሚስተው፣ ቀለሙም የሚበላሸው ለምንድን ነው?

በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የሚነሳ የጌም ስክሪንሾት አንዳንድ ጊዜ መስኮቱን ስቶ ዴስክቶፑን ይይዛል፤ በኤችዲአር ስክሪን ላይ ደግሞ ነጥቶ ወይም ግራጫ ለብሶ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም የሚመጡት ምስሉን የሚያነሳው ፕሮግራም ትክክለኛ ቁጥር ተቀብሎ በተሳሳተ መለኪያ ሲያነበው ነው።

መጀመሪያ ቦታውን እንመልከት። ባለ 4ኬ ስክሪን 3840 በ2160 ፒክሰል አለው። ጽሑፉ እንዳያንስ ማጉሊያው 150 በመቶ ላይ ሲደረግ፣ ማጉላቱን ለማያውቁ የቆዩ ፕሮግራሞች ዊንዶውስ ስክሪኑን 2560 በ1440 አድርጎ ያቀርብላቸዋል። የጌሙ መስኮት ከግራ 900፣ ከላይ 600 ፒክሰል ላይ ይጀምር፤ ስፋቱም 1920 በ1080 ይሁን። ለፕሮግራሙ የሚነገረው ግን መነሻው 600 እና 400፣ ስፋቱ 1280 በ720 እንደሆነ ነው። በእነዚህ ቁጥሮች እውነተኛውን ስክሪን ሲቆርጥ ከላይና ከግራ ዴስክቶፑ ይገባል፤ የጌሙ ቀኝና ታች ይቀራል። የመስኮቱ ስፋት ለምስሉ ስፋት ሲካፈል 1.5 ከመጣ ጥፋቱ የማጉሊያው ነው። ማጉሊያውን 100 በመቶ ማድረግ ወይም ማጉላትን የሚያውቅ ፕሮግራም መጠቀም ያስተካክለዋል። ምስሉ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፦ ጌሙ ስክሪኑን ለብቻው ይዞታል። በጌሙ ማስተካከያ ውስጥ ጠርዝ አልባ መስኮትን መምረጥ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

የብርሃኑም ነገር ተመሳሳይ ነው። ኤችዲአር ሲበራ ዊንዶውስ ምስሉን በሚያቀናብርበት መለኪያ 1.0 ማለት 80 ኒት ብርሃን ነው። የተራ መስኮቶች ነጭ ቀለም 240 ኒት ላይ ከተቀመጠ ቁጥሩ 3.0 ይሆናል። ተራ የምስል ፋይል ግን ከ1.0 በላይ ቦታ ስለሌለው፣ ፕሮግራሙ ትርፉን ዝም ብሎ ከቆረጠው ከ80 ኒት በላይ ያለው ደመና፣ ፊትና ግድግዳ ሁሉ አንድ ወጥ ነጭ ይሆናል። የተቆረጠው ዝርዝር ከዚያ በኋላ በምንም ማስተካከያ አይመለስም።

የግራጫው ምስል ምክንያት ይለያል። ኤችዲአር10 እስከ 10,000 ኒት ያለውን ብርሃን በአንድ መስመር ላይ ስለሚደለድል፣ 100 ኒት የሚያርፈው እኩሌታው አካባቢ ነው። ያ ቁጥር እንደ ተራ ምስል ሲነበብ ነጭ መሆን የነበረበት ከ255 ወደ 130 ይወርዳል፤ ጥላው በአንጻሩ ይነጣል፤ ቀለሙም ይደበዝዛል። ይህኛው መረጃው ስላልጠፋ በትክክለኛ ቀመር በከፊል ይድናል።

ሁነኛው መንገድ ብርሃኑን ሳይቆርጡ ይዞ ወደ ተራው መለኪያ በጥንቃቄ መጭመቅ ነው። የዊንዶውስ ጌም ባር በ`Win + Alt + PrtScn` ሲነሳ የኤችዲአሩን ምስል በ`.jxr`፣ ለተራ ስክሪን የተለወጠውን ደግሞ በ`.png` ያስቀምጣል። ይህን የማያደርግ ፕሮግራም ብቻ ካለ፣ ከማንሳት በፊት በ`Win + Alt + B` ኤችዲአሩን ማጥፋት ይቻላል።