ሕያዋን ለሟች ምን ያደርጋሉ? አምስት እምነቶች በአንድ ሰንጠረዥ

ተማሪዎች ሃይማኖቶችን ሲያነጻጽሩ ብዙ ጊዜ «ገነት አለ ወይስ የለም?» ብለው ይነሣሉ። ይህ ጥያቄ ግን ልዩነቱን በቅጡ አያሳይም። ሦስት ጥያቄዎች የተሻለ ያሳዩናል፦ ሰው እንደ ሞተ ምን ይሆናል? መጨረሻውስ ምንድን ነው? በሕይወት ያሉት ለሟች ምን ያደርጉለታል?

| እምነት | ሰው እንደ ሞተ | መጨረሻው | ሕያዋን ለሟች |
|---|---|---|---|
| ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ | ነፍስ በገነት ወይም በሲኦል ትቆያለች | ትንሣኤ ሙታንና ፍርድ፤ መንግሥተ ሰማያት ወይም ገሃነመ እሳት | ጸሎተ ፍትሐት፣ ተዝካር |
| እስልምና | የቀብር ጥያቄ፤ በበርዘኽ መቆየት | የቂያማ ቀን ፍርድ፤ ጀነት ወይም ጀሀነም | የጀናዛ ሶላት፣ ዱዓ፣ ሰደቃ |
| የአይሁድ እምነት | የነፍስ መንጻት፣ ቢበዛ 12 ወር | ትንሣኤና የሚመጣው ዓለም | ቃዲሽ የተባለው ጸሎት |
| ሂንዱ | ነፍስ እንደ ሥራዋ (ካርማ) ዳግም ትወለዳለች | ሞክሻ፦ ከልደትና ከሞት ዑደት መውጣት | ሬሳን ማቃጠል፣ ለቀደሙት የሚቀርብ መሥዋዕት |
| ቡድሃ | ዳግም ልደት | ኒርቫና | መልካም ሠርቶ ዋጋውን ለሟች ማሰብ |

የመጨረሻው ዓምድ በተለይ ልብ ሊባል ይገባል፤ ትምህርቱ በሥራ ላይ ሲውል የሚታየው እዚያ ነውና። ቃዲሽን እንውሰድ። በአይሁድ ሊቃውንት ትውፊት የኃጢአተኛ ነፍስ እስከ 12 ወር ድረስ ትነጻለች። ልጅ ለወላጁ 12ቱንም ወር ቢጸልይ ወላጁን ከክፉዎች እንደ መቁጠር ስለሚሆንበት፣ በብዙ ማኅበረሰቦች 11 ወር ሲሞላ ያቆማል። በእስልምናም የሰው ሥራ በሞቱ ይቋረጣል፤ የማይቋረጡት ሦስት ናቸው፦ ጥቅሙ የሚቀጥል ሰደቃ፣ ለሌሎች የሚጠቅም ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግለት ደግ ልጅ። ወንጌላውያን ክርስቲያኖች በአንጻሩ ለሙታን አይጸልዩም፤ የሰው ዕጣ በሕይወት ሳለ ባመነው ይወሰናል ብለው ያስተምራሉና።

ሰንጠረዡን ሲሞሉ ሁለት ስሕተቶች ይበዛሉ። አንደኛው የሂንዱን ስቫርጋ «መንግሥተ ሰማያት» ብሎ «መጨረሻው» በሚለው ዓምድ መጻፍ ነው። ስቫርጋ ጊዜያዊ ደስታ ነው፤ የመልካም ሥራው ዋጋ ሲያልቅ ነፍስ ወደ ልደት ትመለሳለች። ሁለተኛው ለቡድሃ እምነት «ነፍስ ትወለዳለች» ማለት ነው። ቡድሃ የማይለወጥ ነፍስ የለም ብሎ ያስተምራል። የሚተላለፈው የሥራ ውጤት ነው፤ አንዱ መብራት ሌላውን ሲያቀጣጥል ምንም ነገር ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው እንደማይሄድ ማለት ነው።

በአንድ እምነት ውስጥም ሁሉም አንድ አይልም። የቲቤት ቡድሂስቶች በሞትና በልደት መካከል እስከ 49 ቀን የሚደርስ ጊዜ አለ ሲሉ፣ የቴራቫዳ ትምህርት ልደቱ ወዲያው ይከተላል ይላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ከመጻፋችሁ በፊት «ይህን የሚለው የትኛው ወገን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስሙንም አብራችሁ ጻፉ።