ብራንዱ ቀድሞ ለሠራተኛው

አዲስ ብራንድ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ለሠራተኞች የሚተዋወቀው፣ በማስታወቂያ የተገባውን ቃል የሚፈጽሙት እነሱ ስለሆኑ ነው። ብሪቲሽ ኤርዌይስ የአውሮፕላኖቹን አዲስ ገጽታ ይፋ ያደረገው በ1984 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲሆን፣ ከመንገደኛ ጋር የሚገናኙ ሠራተኞቹን የሁለት ቀን ሥልጠና ማስገባት የጀመረው ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። ኋላ ላይ ሥልጠናው ለሌሎቹም ደርሷል።

ቀድሞ መንገደኞች ምን እንደሚፈልጉ ተጠንቶ ነበር። አሳቢነትና ችግር ፈቺነት የሚጠበቁ መልሶች ነበሩ። ከመመሪያ ወጣ ብሎ መርዳትንና ስህተት ሲፈጠር መካስን ግን አየር መንገዱ ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም ነበር።

ሁለቱም ሥልጣን ይጠይቃሉ። ሻንጣው ለጠፋበት መንገደኛ የቆጣሪው ሠራተኛ «አለቃዬን ልጠይቅ» ከማለት ሌላ መልስ ከሌለው፣ ብራንዱ ገና ከግድግዳ ፖስተር አልወረደም ማለት ነው።

ሥልጠና የማይሸፍነው ነገርም አለ። ኩባንያው በሰኔ 1997 እ.ኤ.አ. የአውሮፕላኖቹን ጅራት በዓለም ሕዝቦች ሥዕል አስጊጦ አስመረቀ። በቀጣዩ ወር የበረራ አስተናጋጆቹ በክፍያ ለውጥ ምክንያት የሥራ ማቆም አድማ መቱ።