ከፎቶው ሥር ያሉት ጥቂት መስመሮች

እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1985፣ ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም። በኢትዮጵያ ረሀብ ለተጎዱት ገንዘብ ለማሰባሰብ የተዘጋጀው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ከተጀመረ ሰባት ሰዓት ሊሞላው ተቃርቧል። ቢቢሲ እርዳታ የሚቀበሉ 300 የስልክ መስመሮች ዘርግቶ ይጠባበቃል። የተሰበሰበው ግን 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ብቻ ነው። አዘጋጁ ቦብ ጌልዶፍ ይህን ሲሰማ በቀጥታ ወደ ስርጭቱ ክፍል ገባ። አቅራቢው ገንዘብ የሚላክባቸውን የፖስታ አድራሻዎች ሊያነብ ሲል ጌልዶፍ በቁጣ አቋረጠው፤ አድራሻው ይቅርና ስልክ ቁጥሩ ይቅደም አለ። ከዚያ ወዲያ የሚገባው ገንዘብ በሰከንድ 300 ፓውንድ ደረሰ።

የቁጣው ድርሻ ቀላል አልነበረም። ቢሆንም ጌልዶፍ የፈለገው ለውጥ ልብ ሊባል ይገባል። ፖስታ የሚልክ ሰው ቼክ ይጽፋል፣ ቴምብር ይገዛል፣ እስኪነጋ ይጠብቃል፤ እስኪነጋ ደግሞ ሐሳቡ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ስልክ የሚደውለው እዚያው ሶፋው ላይ እንዳለ ይጨርሳል።

ዛሬ በአዲስ አበባ የታክሲ መስኮቶች፣ በቤተ እምነት ግድግዳዎችና በቴሌግራም ቡድኖች የሚታዩት የእርዳታ ማሰባሰቢያ ፖስተሮች ላይ የሚነሳው ጥያቄም ይኸው ነው። ፎቶው ዓይን ይስባል፣ ርዕሱም ሆድ ያባባል። ሰጪውን ስልኩን እንዲያወጣ የሚያደርጉት ግን ከፎቶው ሥር ያሉት ጥቂት መስመሮች ናቸው፦ ስንት ያስፈልጋል? እስከ መቼ? በየት በኩል ይላካል?

ብዙ ፖስተሮች እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሳይመልሱ ይታተማሉ። «ለወገን ደራሽ ወገን ነው! የአቅማችንን በማዋጣት ፈጥነን እንድረስላቸው» የሚል ጽሑፍ ደግ ነው፤ ግን አንባቢው መቶ ብሩ ምን እንደሚሠራ አያውቅም። ሰው ከውቅያኖስ ላይ ጠብታ እንደሚጨምር ከተሰማው እጁ ይከብዳል።

የመጀመሪያው መስመር እንግዲህ የገንዘቡ ልክ ነው። በ1885 ኒው ዮርክ ውስጥ የነጻነት ሐውልት የሚቆምበትን መሠረት ለመጨረስ 100,000 ዶላር ጎድሎ ነበር። የጋዜጣ ባለቤቱ ጆሴፍ ፑሊትዘር ይህንኑ ቁጥር በጋዜጣው አውጥቶ፣ የሰጠው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን የሰጪው ሁሉ ስም እንደሚታተም ቃል ገባ። ጥሪው በመጋቢት ግድም ተጀምሮ በነሐሴ ሲጠናቀቅ ገንዘቡ ከመቶ ሺህ በላይ ከሆኑ ሰዎች ተሟልቷል፤ አብዛኞቹ የሰጡት ከአንድ ዶላር በታች ነበር። ቁጥሩ የታወቀ ስለነበር፣ ሳንቲም የሰጠውም ከምን ላይ እንደጨመረ ያውቅ ነበር።

ከጠቅላላው ልክ ቀጥሎ «እስካሁን የተገኘው» ይመጣል። ይህን የሚደግፍ ጥሩ ጥናት አለ። ጆን ሊስትና ዴቪድ ላኪንግ-ራይሊ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች፣ በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ለአንድ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ኮምፒውተር መግዣ የሚጠይቁ ደብዳቤዎችን ለሦስት ሺህ ሰዎች በትነው ነበር። የአንዱ ኮምፒውተር ዋጋ 3,000 ዶላር ሲሆን፣ ለአንዳንዶቹ ከዚህ ውስጥ አሥር በመቶው፣ ለሌሎቹ ደግሞ 67 በመቶው አስቀድሞ መገኘቱ ተነገራቸው። 67 በመቶ የተባሉት ያዋጡት ገንዘብ አሥር በመቶ ከተባሉት ስድስት እጥፍ ያህል ሆነ። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አስተባባሪዎች ፖስተሩን ከማሳተማቸው በፊት ዘመድ ወዳጅን፣ እድርን፣ ነጋዴን በግል አነጋግረው ሲሶውን ያህል ይይዛሉ። ባዶ ሣጥን ይዞ አደባባይ የሚወጣ ጥሪ ገና ከጅምሩ ይደክማል።

ሁለተኛው ቀነ ገደቡ ነው። ልኩንና ቀኑን አጣምሮ ለሕዝብ የማሳየቱን ዘዴ በማስፋፋት ስማቸው የሚነሳው ሁለት የወወክማ ሰዎች፣ ቻርልስ ዋርድና ላይማን ፒርስ ናቸው። በ1905 በዋሽንግተን ለማኅበሩ ሕንጻ ገንዘብ ሲያሰባስቡ ሥራውን በጥቂት ቀናት ወሰኑት፤ ገንዘቡ ግቡ ላይ ለመድረስ ምን ያህል እንደቀረውም በትልቅ የሰዓት ምስል ያሳዩ ነበር። ዘዴው እንዲሠራ ግን ቀኑ እውነተኛ መሆን አለበት። ያለ ምክንያት የተቆረጠ ቀን አልፎ «በሕዝብ ጥያቄ ተራዝሟል» ከተባለ፣ ቀጣዩን ቀን የሚያምን አይገኝም።

እውነተኛ ቀን ከሥራው ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይገኛል። አንድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለምሳሌ እንውሰድ። 240 ተማሪዎች ወለል ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። አንድ ዴስክ ሦስት ልጅ ስለሚይዝ 80 ዴስክ ያስፈልጋል። አናጺው አንዱን በ4,500 ብር ተስማምቷል እንበል፤ በጠቅላላ 360,000 ብር ይሆናል። ትምህርት በመስከረም ይጀመራል፤ አናጺው እንጨት ገዝቶ፣ ቆርጦና ገጣጥሞ ለማስረከብ አምስት ሳምንት ይፈልጋል። ከዘመን መለወጫ ወደ ኋላ ጳጉሜንና ነሐሴን ስንቀንስ ሐምሌ 30 ላይ እንደርሳለን። የመጨረሻው ቀን ይህ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ሐረግ ሊጻፍ ይችላል።

ቀን ሲጻፍ የውጭ አገሩ አንባቢ መረሳት የለበትም። ፖስተሩ በቴሌግራም ዋሽንግተንና ዱባይ መድረሱ አይቀርም፤ እዚያ የሚኖረው ወገን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሚውል ሁለቱም ቀን ጎን ለጎን ቢቀመጥ ይረዳዋል። ሰዓትም እንዲሁ ያሳስታል። «እስከ 12 ሰዓት» የሚለውን ጎንደር ያለው ሰው አመሻሽ ብሎ ሲረዳው፣ አሜሪካ ያደገው ልጅ እኩለ ቀን ሊመስለው ይችላል። «እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት» ማለት ወይም ሰዓቱን ጨርሶ መተው ይሻላል።

ሦስተኛው፣ ብዙዎቹ ፖስተሮች የሚሰናከሉበት፣ የመላኪያው መንገድ ነው። በኅዳሴ ግድብ ዘመን የ8100 አጭር ቁጥር የሠራው መንገዱ አጭር ስለነበር ነው፦ አንዲት ፊደል ተልካ ገንዘቡ ከስልክ ሒሳብ ይቆረጣል። እንዲህ ያለ ቁጥር ግን ሁሉም አያገኘውም፤ የአገር ውስጥ መስመር ለሌለውም አይሠራም። ትንንሽ ማኅበራት የሚቀራቸው የባንክ ሒሳብና ቴሌብር ነው።

የንግድ ባንክ የሒሳብ ቁጥር 13 አኃዝ አለው። በአንድ ተከታታይ ረድፍ ሲጻፍ ዜሮዎቹ ይምታታሉ፤ አራት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት ተብሎ ሲከፋፈል ግን ዓይን ይይዘዋል። ከቁጥሩ ሥር የሒሳቡ ስም በባንክ እንደተመዘገበው መጻፍ አለበት። በሞባይል የሚልክ ሰው ከማረጋገጡ በፊት የተቀባዩ ስም ስክሪኑ ላይ ይመጣለታል፤ ፖስተሩ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ መላኩን ያቆማል። ፖስተሩ ላይ የማኅበር ስም ተጽፎ ሒሳቡ የግለሰብ ከሆነማ ጥርጣሬው ተገቢ ነው።

ሌላም አለ። በቴሌግራም የሚዞር ፖስተር ምስል ስለሆነ በብዙ ስልኮች ላይ ቁጥሩን ተጭኖ መቅዳት አይቻልም። ሰጪው ጥቂት አኃዝ በቃሉ ይዞ ወደ ባንኩ መተግበሪያ ይሄዳል፣ ይረሳል፣ ይመለሳል፤ በሦስተኛው ምልልስ ስልክ ይደወልለትና ጉዳዩ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ሙሉው መረጃ ከምስሉ ሥር በጽሑፍም መለጠፍ አለበት። የስምንት ባንክ አርማና ቁጥር መደርደርም አይረዳም፤ ፊደሉ ያንሳል፣ የተገኘውን በየቀኑ ደምሮ ማሳወቅም ለገንዘብ ያዡ ፈተና ይሆናል። ሁለት መንገድ ይበቃል፤ ከውጭ ለሚልኩ ደግሞ የባንኩ ስዊፍት ኮድ፣ ለንግድ ባንክ CBETETAA፣ ይጨመራል።

እነዚህ ሲገጣጠሙ የትምህርት ቤቱ ፖስተር ጽሑፍ እንዲህ ይመስላል፦

ለ240 ተማሪዎች 80 ዴስክ
አንዱ ዴስክ 4,500 ብር፣ በጠቅላላ 360,000 ብር።
እስከ ሰኔ 30 የተገኘው፦ 126,000 ብር (28 ዴስክ)። የቀረው፦ 234,000 ብር (52 ዴስክ)።
የመጨረሻ ቀን፦ ሐሙስ ሐምሌ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኦገስት 6 ቀን 2026)፤ አናጺው ለመስከረም እንዲያደርስ።
ንግድ ባንክ፦ 1000 000 000 000
የሒሳቡ ስም፦ የትምህርት ቤቱ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት
ለማጣራት፦ የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስልክ
ከ80 ዴስክ በላይ ከተገኘ ትርፉ ለመጻሕፍት መደርደሪያ ይውላል።

ዜሮዎቹ በእውነተኛው ቁጥር፣ የስሙና የስልኩ ቦታም እንዲሁ ይሞላል። 1,500 ብር ያለው ሰው ይህን ሲያነብ አንድ ልጅ እንዳስቀመጠ ያውቃል፤ ጽሑፉ ሳይነግረው ራሱ ያካፍለዋል። የመጨረሻዋ መስመር ለብዙዎች ትርፍ ትመስላለች፤ ነገር ግን ጥሪው ተሳክቶ ገንዘቡ ሲተርፍ ጭቅጭቅ የሚነሳው እሷ ባልተጻፈችበት ቦታ ነው።

የማጣሪያ ስልኩ የሚያስፈልገው ለሰጪው ብቻ አይደለም። አጭበርባሪዎች የሚያደርጉት አዲስ ፖስተር መሥራት ሳይሆን፣ እውነተኛውን ወስደው የሒሳብ ቁጥሩን ብቻ መቀየር ነው። የታመመው ሰው ፎቶ ያው፣ የሐኪሙ ማስረጃ ያው፣ ቁጥሩ ግን ሌላ። የሚደውል ሰው ሲኖር አስተባባሪዎቹም ስለ ሐሰተኛው ቅጂ ቶሎ ይሰማሉ። በቋሚነት የሚሠራ ድርጅት ከሆነ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበበትን ቁጥር ቢጨምር ማጣራቱ ይቀላል።

ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ፖስተሩ መዘጋት አለበት። ያለ ዓመተ ምሕረት «እስከ ሐምሌ 30» ተብሎ የተጻፈ ምስል በሚቀጥለው ሐምሌ ከአንድ ቡድን ወደ ሌላው እየተላለፈ እንደ አዲስ ይዞራል፤ ዴስኮቹ ተሠርተው ልጆቹ ከተቀመጡባቸውም በኋላ ብር የሚልክ ይኖራል። ስለዚህ ዓመቱ ይጻፋል፣ በመጨረሻው ቀን ማግስትም በዚያው ምስል ላይ «ተሟልቷል» ወይም «ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ተደርቦ፣ የተገኘው ድምርና የአናጺው ደረሰኝ ተያይዞ፣ ጥሪው በተለጠፈበት ቦታ ሁሉ ይለጠፋል።